አዲሱ ካሜራ በዋስትናው ውስጥ ሲበላሽ፦ ለሻጩ የሚጻፈው ደብዳቤ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ፎቶ ቤት ከከፈትሁ ጀምሮ የጥር ሠርግ ጋብ ሲል አንድ ዓይነት እንግዳ ይመጣብኛል። ካሜራውን በፌስታል ጠቅልሎ ይገባና “ገዝቼው ወር እንኳ አልሞላውም፣ እስቲ ክፈትና እየው” ይለኛል። አልከፍተውም። ወንበር እሰጠውና ደረሰኙን እጠይቀዋለሁ። ብዙውን ጊዜ እስከዚያ ድረስ ለሱቁ አምስት ስድስት ጊዜ ደውሏል፤ “እሺ፣ ስትመጣ እናየዋለን” ተብሏል። ያ ሁሉ ስልክ ግን አንድም ቀን፣ አንድም ፊርማ አልተወለትም። ቀኑ ደግሞ እየነጎደ ነው።

ከቡሬም ሆነ ከጂጋ፣ ከደንበጫም ሆነ ከሽንዲ ሆኖ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ካለ ሱቅ ጋር መከራከር የሚቻለው በወረቀት ነው። ወረቀቱ አንድ ገጽ ይበቃዋል። ግን ቀን፣ ቁጥርና አንድ ግልጽ ጥያቄ ያስፈልገዋል፤ በጊዜውም መድረስ አለበት። ከዚህ በታች ቅደም ተከተሉን አንድ የጂጋ ወጣት በ2017 ዓ.ም. ካጋጠመው ነገር ጋር እያያያዝሁ እጽፈዋለሁ። ጥር 2 ቀን አዲስ አበባ ገዛ፤ በቃና ዘገሊላ ዕለት፣ ጥር 12፣ ገጠር ሠርግ ላይ ካሜራው ቆመበት።

1. ያቁሙት፣ አይክፈቱት፣ ይቅረጹት

ካሜራው ስህተት ባሳየበት ቅጽበት የሚያደርጉት ነገር በኋላ ደብዳቤዎን ያጠነክረዋል ወይም ይጥለዋል። መጀመሪያ ስክሪኑ ላይ የወጣውን ጽሑፍ በሌላ ስልክ ፎቶ ያንሱት። ከዚያ ካሜራውን አጥፍተው ሲያበሩት፣ ሊያነሱበት ሲሞክሩና ስህተቱ ሲመለስ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ይቅረጹ። ቪዲዮው ውስጥ የካሜራው ሆድ ላይ ያለው ሴሪያል ቁጥር ይታይ። ይህን የምለው አንዳንድ ብልሽት እየመጣ የሚሄድ ስለሆነ ነው፤ ሱቅ ሲደርስ ካሜራው ደህና ሆኖ ቁጭ ይልና እርስዎ ውሸታም ይሆናሉ።

ቀጥሎ ጥፋቱ በእርግጥ የካሜራው መሆኑን ያጣሩ። የሚያስፈልግዎ ሌላ ባትሪ፣ ሌላ ሜሞሪ ካርድ፣ ከተገኘ ሌላ ሌንስ እና ደረቅ ንጹሕ ጨርቅ ብቻ ነው። ባትሪውን አውጥተው ጥቂት ቆይተው ይመልሱት፤ ከዚያ በሌላው ባትሪ ይሞክሩ። ካርዱን ይቀይሩ። ሌንሱን ነቅለው ከካሜራው ጋር የሚገናኝባቸውን ወርቅማ ነጥቦች በጨርቁ ቀስ አድርገው ይጥረጉ። በውስጥ ያለውን መስታወትና ከኋላው ያለውን ሸተር ግን በጣትም በጨርቅም አይንኩ፤ በአፍም እፍ አይበሉበት። አንድ ነገር ሲቀይሩ ሌላውን እንዳለ ይተዉት፤ ሁለት ነገር አብረው ከቀየሩ የቱ እንዳስተካከለው አያውቁም።

የጂጋው ልጅ ስክሪን ላይ የወጣው Err 30 ነበር። በእሱ ዓይነት ካሜራ Err 01 ቢሆን ኖሮ ሌንሱና ካሜራው አልተናበቡም ማለት ነው፤ ነጥቦቹን መጥረግ ሊያድነው ይችላል። Err 30 ግን አብዛኛውን ጊዜ ከራሱ ከሸተሩ ይመጣል። ባትሪም ካርድም ሌንስም ቀየርን፤ አንድ ሁለቴ ቀጭ ካለ በኋላ ያው ጽሑፍ ተመለሰ። ኮዱ ከብራንድ ብራንድ ስለሚለያይ የእርስዎን ከካሜራው መጽሐፍ ላይ ይመልከቱ። መጽሐፉ ከሌለዎት ትርጉሙን አይገምቱ፤ ስክሪኑ ላይ ያዩትን ፊደልና ቁጥር እንዳለ ብቻ ይያዙ።

እዚህ ላይ የሚሠራው ትልቁ ስህተት እኔ ዘንድ ይዘውት የሚመጡት ሰዎች የሚለምኑኝ፣ ካሜራውን መክፈት ነው። አንድ ብሎን እንኳ ከተፈታ የብሎኑ ጭንቅላት ላይ ጭረት ይቀራል፤ የሱቁም ባለሙያ መጀመሪያ የሚያየው እሱኑ ነው። “ሌላ ሰው ከፍቶታል” የሚለው ቃል የብዙ ካሜራዎችን ዋስትና በልቷል። ስለዚህ ሰፈር ያለው ጠጋኝ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ዋስትናው እስኪያልቅ ድረስ አይንካው።

ካሜራው ወድቆ ወይም ውኃ ገብቶበት ከሆነ ግን ይህን ደብዳቤ አይጻፉ። መውደቅ፣ ውኃና አሸዋ ከዋስትና ውጭ እንደሆኑ ካርዶቹ ላይ ተጽፎ ያገኙታል፤ ባለሙያው ሲከፍተውም ዝገቱን ወይም ስንጥቁን ያየዋል። የጥገና ዋጋ ጠይቀው መክፈል ከውሸት ክርክር ይሻላል።

2. ወረቀቱን ይሰብስቡ፣ ቀኑንም ይቀይሩ

ከማተሚያ ማሽን የሚወጣው ደረሰኝ በሙቀት የሚታተም ወረቀት ስለሆነ ኪስ ውስጥ ከከረመ ይደበዝዛል። የተበላሸ ዕቃ ይዘው ነጭ ወረቀት የሚያሳዩኝ ሰዎች አጋጥመውኛል። ካሜራ የገዙ ዕለት ፎቶ ኮፒ ያስደርጉት፤ ዛሬ ካላደረጉትም ይህን ጽሑፍ አስቀምጠው ያስደርጉት።

ደረሰኙ ላይ ያለው ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የጂጋው ልጅ ደረሰኝ 10/01/2025 ይላል። መጀመሪያ የሚመጣው ቀኑ ነው፣ ቀጥሎ ወሩ። ስለዚህ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለት ነው እንጂ መስከረም አይደለም። ደብዳቤው ላይ ሁለቱንም ይጻፉ፤ አንዱን ብቻ ከጻፉ ሱቁ ከደረሰኙ ጋር ሲያስተያየው “ቀኑ አይገጥምም” የሚል ሰው አይጠፋም።

ደረሰኙን፣ የዋስትና ካርዱንና ካርቶኑን ጎን ለጎን አድርገው ሴሪያል ቁጥሩን ያመሳክሩ። ቁጥሩ ካሜራው ሆድ ላይ አለ፤ ካርቶኑ ላይ ባለው ተለጣፊም አለ፤ ካርዱም ላይ መሞላት ነበረበት። ካርዱ ላይ ባዶ ሆኖ ካገኙት በራስዎ እጅ አይሙሉት። ካርቶኑ ላይ ያለውን በፎቶ ያያይዙ። ደረሰኙ ላይ “ካሜራ” ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ያንን የተለየ ካሜራ ከዚያ ሱቅ ጋር የሚያስረው ካርቶኑ ነውና አይጣሉት፤ ቤት ውስጥ ለበርበሬ ማስቀመጫም አይስጡት።

ደረሰኝ ከጠፋ በባንክ ወይም በቴሌብር የከፈሉበት የዝውውር ቁጥር ይረዳል። በጥሬ ገንዘብ ከፍለው ደረሰኝም ካርድም ከሌለዎት ደብዳቤው የሚቆምበት መሬት የለውም፤ ይህን በግልጽ መናገር ይሻላል። ሌላው በአካባቢያችን የሚበዛው ጣጣ ካሜራውን አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ገዝቶ መላኩ ነው። እንዲህ ከሆነ ደረሰኙ ላይ የተጻፈው ስም የዘመድዎ ነውና ደብዳቤውን እሱ ይፈርምበት፤ የእርስዎ ስም ተጠቃሚ ተብሎ ይግባ።

የዋስትና ካርዱን ደግሞ ከጀርባው ያንብቡት። አገር ውስጥ ከሚሸጡት ካሜራዎች ብዙዎቹ ከዱባይ የመጡ ናቸው፤ ፋብሪካው የሰጠው ዋስትና የሚያገለግለው በተሸጠበት አገር ወይም አካባቢ ብቻ ሊሆን ይችላል። እጅዎ ያለው ካርድ የፋብሪካው ነው ወይስ የሱቁ ማኅተም ያለበት? የሱቁ ከሆነ የሚጠየቀው ሱቁ ራሱ ነው። የፋብሪካው ብቻ ከሆነ ከዚህ ቀጥሎ የምናነሳው ሕግ ይበልጥ ያስፈልግዎታል።

3. ቀን ይቁጠሩ፣ ከዚያ ምን እንደሚጠይቁ ይወስኑ

“እንዲለወጥልኝ” እና “እንዲጠገንልኝ” የሚሉት ጥያቄዎች የተለያዩ ናቸው፤ የትኛውን መጻፍ እንዳለብዎ የሚወስነው የቀን ቁጥር ነው።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የገዙት ዕቃ ጉድለት ከተገኘበት ከገዙበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥልዎ ወይም ገንዘብዎ እንዲመለስልዎ ሻጩን ለመጠየቅ መብት ይሰጥዎታል። ዋስትናው ወይም ውሉ ከዚህ የተሻለ ከሰጠዎት ደግሞ የተሻለው አይቀርብዎትም። ልብ ይበሉ፤ አዋጁ የሚያነሳው ሻጩን ነው። “እኛ አስመጪ አይደለንም፣ ፋብሪካውን ጠይቅ” ለሚል ሱቅ መልሱ ይህ ነው።

የጂጋው ልጅ ጥር 2 ገዛ። የገዛበትን ቀን ከቆጠርነው 15ኛው ቀን ጥር 16 ላይ ይውላል፤ ካልቆጠርነው ጥር 17። እንዲህ ሲሆን ሁልጊዜ አጭሩን ይያዙ። ካሜራው የቆመው ጥር 12 ነው፤ እኔ ዘንድ የመጣው ጥር 14። ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። በስልክ “ስትመጣ እናየዋለን” የተባለው ደግሞ “ለየካቲት ብቅ በል” በሚል ተስፋ ነበር። የካቲት ላይ ቢሄድ ኖሮ በእጁ የሚቀረው የጥገና ጥያቄ ብቻ ነበር።

15 ቀኑ ካለፈ አይደንግጡ፤ የአንድ ዓመት ዋስትና ካለዎት አለዎት። በዚህ ጊዜ የሚጠይቁት ካርዱ ላይ የተጻፈውን ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ክፍያ መጠገን። ካርዱ “መጠገን ካልተቻለ ይለወጣል” ካለ እሱንም ይጥቀሱት። ካርዱ ያልሰጠዎትን መለወጥ መጠየቅ ግን ሱቁ ደብዳቤውን በሙሉ እንዲጥለው ምክንያት መስጠት ነው።

በሁለቱም መንገድ መቸኮል ያስፈልጋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢ ጉድለቱን ባወቀ ጊዜ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ፣ የጉድለቱንም ዓይነት እንዲገልጽ ይጠይቃል። ያላስታወቀ ገዢ መብቱን ሊያጣ ይችላል። ካስታወቁ በኋላም ለክስ የአንድ ዓመት ገደብ አለው። ደብዳቤው ላይ የሚጻፈው ቀን ሱቁ አልሰማሁም እንዳይል፣ የአንድ ዓመቱም ገደብ ከየት እንደሚቆጠር እንዲታወቅ የሚያደርግ ነው።

4. ደብዳቤውን ይጻፉ

ቋሚ የማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ መሄድ ይቻላል፤ ግን “ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል” ብሎ የሚጀምረውን፣ ሠርጉን፣ ሙሽራውን፣ ሚዜዎቹንና የወረደብዎትን ውርደት የሚተርከውን አያስጽፉ። በአምላክ ስም መለመንም፣ “ሌቦች” ማለትም ቦታው እዚህ አይደለም። ደብዳቤውን ሱቅ ውስጥ የሚያነበው ሰው የሚፈልገው አራት ነገር ነው፤ ምን ሸጥንለት፣ ምን ሆነ፣ ምን ይፈልጋል፣ እስከ መቼ። ለልጁ የጻፍንለት ይህን ይመስላል።

> ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
>
> ለ………… የካሜራ መሸጫ
> አዲስ አበባ
>
> ጉዳዩ፦ የተበላሸ አዲስ ካሜራ እንዲለወጥልኝ ስለመጠየቅ
>
> ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. (በደረሰኙ ላይ 10/01/2025) ከመደብራችሁ በደረሰኝ ቁጥር ………… አንድ አዲስ ካሜራ፣ ሞዴል …………፣ ሴሪያል ቁጥር …………፣ በብር ………… ገዝቻለሁ። ካሜራው የአንድ ዓመት ዋስትና እንዳለው ማኅተማችሁ ባለበት ካርድ ላይ ተጽፏል።
>
> ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ፎቶ በማንሳት ላይ እያለሁ ስክሪኑ ላይ Err 30 የሚል ጽሑፍ አሳይቶ ሥራ አቆመ። ባትሪውን አውጥቼ መልሻለሁ፤ ሌላ ባትሪ፣ ሌላ ሜሞሪ ካርድና ሌላ ሌንስ ሞክሬያለሁ። አንድ ወይም ሁለት ፎቶ ካነሳ በኋላ ያው ስህተት ይመለሳል። ካሜራው አልወደቀም፣ ውኃ አልነካውም፣ በማንም አልተከፈተም።
>
> ጉድለቱ የታየውና ይህን ያስታወቅሁት ከተገዛ 15 ቀን ሳይሞላ በመሆኑ በአዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት በተመሳሳይ አዲስ ካሜራ እንድትለውጡልኝ እጠይቃለሁ። ተመሳሳይ ካሜራ ከሌላችሁ የከፈልሁት ገንዘብ ይመለስልኝ።
>
> ካሜራውን ከነሙሉ ዕቃውና ከነካርቶኑ ለማስረከብ ዝግጁ ነኝ። መልሳችሁን እስከ ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም. በስልክ ቁጥር ………… ወይም በጽሑፍ እንድታሳውቁኝ እጠይቃለሁ።
>
> ከሰላምታ ጋር
> ስም፣ ፊርማ፣ አድራሻ
>
> አባሪ፦ የደረሰኝ ኮፒ፣ የዋስትና ካርድ ኮፒ፣ የካርቶኑ ሴሪያል ፎቶ፣ የስህተቱ ፎቶ

ጥቂት ቦታዎች ላይ ልቆይ። “ካሜራው ተበላሽቷል” ብለን ብቻ አላለፍንም፤ ያየነውን ጻፍን። “ሸተሩ ተሰብሯል” ብለው ቢጽፉና ችግሩ ሌላ ሆኖ ቢገኝ “ሸተሩ ደህና ነው” ተብሎ ካሜራው ይመለስልዎታል። ምልክቱን መግለጽ የእርስዎ ሥራ ነው፣ መንስኤውን ማግኘት የእነሱ።

“አልወደቀም፣ ውኃ አልነካውም፣ አልተከፈተም” የሚለው ዓረፍተ ነገር ሱቁ የሚያነሳቸውን ሦስቱን መከራከሪያዎች ቀድሞ ይዘጋል። እውነት ከሆነ ብቻ ይግባ።

ጥያቄው አንድ ነው፣ ከኋላው አንድ አማራጭ ብቻ አለው። “ወይ ለውጡልኝ፣ ወይ ጠግኑልኝ፣ ወይ ብሬን መልሱ፣ ወይ እንደሚመቻችሁ” ብለው ቢጽፉ ሱቁ ለራሱ የሚቀለውን ይመርጣል፤ እሱም ጥገና ነው። ጥገና ደግሞ ካሜራውን ለወራት የት እንዳለ ሳያውቁ መቀመጥ ሊሆን ይችላል።

የጠፋው የሠርግ ክፍያ ለምን አልገባም? የልጁ የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነበር፤ ሙሽሮቹ ቀብዱን አስመልሰውታል፤ ሐዘኑ ይገባኛል። ካሣ በሕግ የሚጠየቅበት መንገድ አለ፤ ግን ማስረጃውም ክርክሩም ሌላ ነው። እዚህ ደብዳቤ ውስጥ ከገባ ሱቁ ስለ ካሣው ይከራከርና የካሜራው መለወጥ አብሮ ይቆማል። ካሜራው ከተለወጠ በኋላ ለብቻው ይታያል።

15 ቀኑ ላለፈበት ሰው ደግሞ የአዋጁን አንቀጽ በሙሉ አውጥተን በቦታው ይህን እናስገባለን፦ “ካሜራው በሰጣችሁኝ የአንድ ዓመት ዋስትና ውስጥ በመሆኑ ያለ ምንም ክፍያ እንድትጠግኑልኝ፣ የጥገናውንም ጊዜ በጽሑፍ እንድታሳውቁኝ፣ መጠገን ካልተቻለ እንድትለውጡልኝ እጠይቃለሁ።” መለወጡ ካርዱ ላይ ከሌለ የመጨረሻውን ሐረግ ያንሱት። ለአንዲት የቡሬ ሴት በአምስተኛው ወር የጻፍንላት እንዲህ ነበር፤ የጥገና ጊዜ የሚለው ሐረግ ባይኖር ካሜራዋን ለመጠየቅ የምትይዘው ነገር አልነበራትም።

5. ሁለት ቅጂ፣ አንድ ፊርማ

ደብዳቤው ሁለት ቅጂ ይሁን። አንደኛው ሱቁ ዘንድ ይቀራል፤ ሁለተኛው ላይ የተቀበለው ሰው ስሙን፣ ፊርማውን፣ ቀኑንና ከቻለ የሱቁን ማኅተም ያኖርበታል። ሁለተኛው ቅጂ ወደ እርስዎ ይመለሳል። ፊርማ የሌለበት ደብዳቤ ከስልክ ጥሪው እምብዛም አይሻልም።

ከፍኖተ ሰላም አዲስ አበባ የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ መንገድ የሚዘጋበትም ቀን አለ። ልጁ ሁለት ቀን ብቻ ስለቀረው ሁለት ነገር አንድ ላይ አደረግን። ጥር 14 ማታ የተፈረመውን ደብዳቤ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ለሱቁ ላከ፤ ኢንተርኔቱ ሊቋረጥ ይችላልና በአጭር የጽሑፍ መልእክትም “ሴሪያል ቁጥር ………… ካሜራ ጥር 12 ተበላሽቷል፣ እንዲለወጥልኝ የሚጠይቅ ደብዳቤ ጽፌያለሁ” ብሎ ጻፈ። መልእክቶቹን እንዳይሰርዛቸው ነገርሁት። ደብዳቤውን ደግሞ በማግስቱ አዲስ አበባ ያለ የአጎቱ ልጅ አትሞ አስፈርሞ አስገባው። ጥር 15 ላይ የተፈረመ ቅጂ በአጎቱ ልጅ እጅ ሆነ።

ዘመድ ከሌለዎት ፖስታ ቤት ይሂዱና በአደራ ይላኩት። የሚሰጥዎት የአደራ ቁጥር ያለበት ደረሰኝ ደብዳቤውን መላክዎን ያረጋግጥልዎታል። በተራ ቴምብር የተላከ ደብዳቤ ግን ዱካ የለውም።

ካሜራውን አብረው አይላኩ። መጀመሪያ ደብዳቤው ይግባ፣ “አምጣው” ይበሉ፣ ከዚያ ካሜራው ይሂድ። በአውቶቡስ ረዳት እጅ ብቻ “ለእገሌ ስጥልኝ” ብሎ መላክ በሠርግ ወር ካሜራ ከሚጠፋባቸው መንገዶች አንዱ ነው። የሚያደርሰው የሚያምኑት ሰው ይሁን፤ ሲያስረክብም ይህችን አጭር ወረቀት ያስፈርም፦

> ሴሪያል ቁጥር ………… የሆነ አንድ ካሜራ፣ ከቻርጀር፣ ከአንድ ባትሪ፣ ከማንገቻና ከካርቶን ጋር፣ ያለ ሌንስና ያለ ሜሞሪ ካርድ፣ የውጭ አካሉ ያለ ስብራትና ያለ ጭረት ሆኖ ተረክበናል። ቀን …… ፊርማ ……

ሌንሱ አብሮ የተገዛ ከሆነና ካሜራው የሚለወጠው በሙሉ ከሆነ ሌንሱም ይሄዳል፤ ወረቀቱ ላይም ይጻፋል። ለጥገና ብቻ ከሆነ ግን ደህናው ሌንስ ቤት ይቅር። ሜሞሪ ካርዱን ያውጡ፤ የሰው ሠርግ ሥዕል የሱቅ ጠረጴዛ ላይ መቅረት የለበትም። የጥሩን አቧራ ከውጭ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት፤ አቧራ የለበሰ ካሜራ “አሸዋ ገብቶበታል” ለሚል ሰው በር ይከፍታል።

6. መልሱን መመለስ

ሱቆች የሚሰጧቸው መልሶች ጥቂት ናቸው፤ ለእያንዳንዱም አስቀድሞ የተዘጋጀ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

“ወድቋል” ካሉ ክርክር አይግጠሙ፤ “የተመረመረበትን ውጤት በጽሑፍና በፎቶ ስጡኝ” ይበሉ። በእውነት ወድቆ ከሆነ የመታበት ቦታ ይታያል፤ ካልወደቀ ይህን ጽፎ የሚፈርም ባለሙያ አያገኙም። ስትረከቡ “ያለ ስብራትና ያለ ጭረት” ብላችሁ ፈርማችኋል የሚለው ወረቀት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው።

“ዱባይ ልከን እናስጠግናለን” የልጁ ሱቅ የሰጠው መልስ ይህ ነበር። መልሳችን አጭር ነበር፦ “የጠየቅሁት ጥገና አይደለም፤ በ15 ቀን ውስጥ ያስታወቅሁት ስለሆነ መለወጥ ነው። መልሳችሁን በጽሑፍ ስጡኝ፤ ለንግድ ቢሮ አቀርበዋለሁ።” ማስፈራራት አላከልንበትም፤ የምናደርገውን ብቻ ነው የተናገርነው። በሳምንቱ ተመሳሳይ ካሜራ ሰጡት። ሁልጊዜ በዚህ ፍጥነት ያልቃል ብዬ አልዋሽም፤ ሱቁ ያንን ሞዴል ሌላ ባይኖረው ኖሮ ገንዘብ ለማስመለስ የሚያደክም ክርክር ይሆን ነበር።

“እሺ፣ ቆይ” ደግሞ ከሁሉም የሚጎዳው መልስ ነው፤ እምቢታ ስለማይመስል ቀን ይበላል። ደብዳቤው ላይ የጻፉት ቀን ካለፈ በማግስቱ አቤቱታ ያቅርቡ። የሚያቀርቡት ሱቁ ላለበት ከተማ ነው፤ ሱቁ ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ከሆነ ለከተማው ንግድና ገበያ ልማት ጽሕፈት ቤት፣ አዲስ አበባ ከሆነ ሱቁ ላለበት ክፍለ ከተማ ንግድ ጽሕፈት ቤት። አዲስ ታሪክ አይጻፉ። ያስፈረሙትን ደብዳቤ፣ አባሪዎቹን፣ ቴሌግራሙን በወረቀት አትመው አንድ ላይ ያያይዙና “በዚህ ቀን ጠይቄ መልስ አላገኘሁም” የሚል አንድ አንቀጽ ከላይ ያድርጉ። አዲስ አበባ ያለው ዘመድ ውክልና ከሌለው ሊመልሱት ይችላሉ፤ ስለዚህ ውክልናውን አስቀድመው እዚሁ ያውጡለት።

7. አዲሱን ሲረከቡ

ካሜራው ሲለወጥ ደስታው ብዙ ነገር ያስረሳል። ሱቁ በር ላይ ከመውጣትዎ በፊት የራስዎን ካርድ ከተው ከሃምሳ የማያንስ ፎቶ ያንሱበት፤ በፍጥነት ተከታታይ የሚያነሳውን አድርገውም ይሞክሩት። ቀጥሎ የድሮው ደረሰኝና ካርድ ላይ ያለው ሴሪያል ቁጥር የድሮው ካሜራ መሆኑን አይርሱ። አዲሱ ቁጥር በአዲስ ካርድ ወይም በድሮው ካርድ ጀርባ “በ………… ቁጥር ካሜራ ምትክ ተሰጥቷል” ተብሎ በማኅተም ይጻፍ፤ ዋስትናው ከየትኛው ቀን እንደሚቆጠርም እዚያው ይግባ። ለጥገና ገብቶ የተመለሰ ከሆነ ደግሞ ምን እንደተቀየረ የሚገልጽ ወረቀት ይጠይቁ፤ ያው ስህተት በሁለተኛው ወር ቢመለስ “ይህ አዲስ ብልሽት ነው” ተብሎ ሒሳብ እንዳይጠየቁ።

የጂጋው ልጅ ይህን አልረሳም። ካሜራውን ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ ያሳየኝ የካርዱን ጀርባ ነበር፤ አዲሱ ቁጥር በሰማያዊ እስክሪፕቶ ተጽፎ ማኅተሙ ግማሹ ላይ አርፏል። ኮፒውን እኔ ፎቶ ቤት በአንድ ፋይል አስቀመጥንለትና ዋናውን ይዞ ወደ ጂጋ ተሳፈረ።